ቼኩ ተመልሷል፣ የደንበኛው ስም ግን አሁንም ዜሮ ያሳያል

ጥያቄ፦ «ሰላም ባለሙያዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የሕንፃ መሣሪያ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ አካውንታንት ነኝ። አንድ ደንበኛ ግንቦት 20 በዱቤ ለወሰደው ዕቃ ቫትን ጨምሮ የ230,000 ብር ቼክ ሰጠን። ሰኔ 27 ባንክ አስገብተን በፒችትሪ ሪሲት ሠራሁ። ሐምሌ 2 ባንኩ በቂ ገንዘብ የለውም ብሎ ቼኩን መለሰው፣ 150 ብርም ቆረጠብን። ጀነራል ጆርናል ላይ ተሰብሳቢውን ዴቢት፣ ባንኩን ክሬዲት አደረግኩ። የደንበኛው ስም ግን አሁንም ዜሮ ነው የሚያሳየው። አለቃዬ ደግሞ ‹ሽያጩን ሰርዢው፣ ካልሆነ የማይሰበሰብ ዕዳ ብለሽ ወጪ ያዢው› ይለኛል። የሰኔ 30ን ሂሳብ ገና አልዘጋንም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ የሠራሽው የሂሳብ ምዝገባ ትክክል ነው። የተሳሳተው የሠራሽበት ቦታ ነው። የአለቃሽ ሁለቱም ሐሳቦች ግን አይሆኑም። ከእሳቸው ልጀምር፣ ምክንያቱም እዚያ ከተስማማችሁ የቀረው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ሽያጩ ግንቦት 20 ተጠናቋል። ዕቃው ከመጋዘን ወጥቷል፣ ደረሰኙ ተቆርጧል፣ 200,000 ብር የሽያጭ ገቢ እና 30,000 ብር ቫት ተመዝግቧል፣ ቫቱም የግንቦት ወር ላይ ታውጇል። የቼኩ መመለስ ከእነዚህ አንዱንም አይነካም። ዕቃው ተመልሶ መጋዘን አልገባም እኮ! ሽያጩን ከሰረዝሽው መዝገቡ ዕቃው መጋዘን እንዳለ ይነግርሻል፣ ቆጠራ ላይ ግን አይገኝም። ቫቱም ቢሆን የሚታሰበው ሽያጩ ሲፈጸምና ደረሰኝ ሲቆረጥ ስለሆነ፣ ቼኩ ስለተመለሰ ብቻ 30,000 ብሩን መልሶ መቀነስ አይቻልም። ዕቃው በእርግጥ ቢመለስ ሌላ ጉዳይ ነበር፣ ያኔ የተመላሽ ሰነድ ተሠርቶ ሽያጩም ቫቱም ይቀነሳል። እዚህ ግን የተመለሰው ወረቀት ብቻ ነው።

ወጪ ያዢው የሚለውም ጊዜው አይደለም። ቼኩ ከተመለሰ ገና ጥቂት ቀን ነው። ሰውየው ነገ ሲፒኦ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንድን ዕዳ የማይሰበሰብ የሚያሰኘው መጠየቁ፣ መክሰሱ፣ የሰውየው አቅም መታየቱ ነው፤ አንድ ቼክ መመለሱ ብቻውን አይበቃም። ለግብርም ብትይ የማይሰበሰብ ዕዳ ተቀናሽ እንዲሆን ቀድሞ በገቢ ተይዞ የነበረ መሆን አለበት፣ ከመዝገብ መሰረዝ አለበት፣ ለማስመለስ ሕጋዊ እርምጃ ተወስዶም አለመገኘቱ መታየት አለበት። እናንተ ገና አልደወላችሁለትም ይሆናል። ስለዚህ አለቃሽን በትህትና «ጋሼ፣ ገንዘቡን አላጣነውም፣ ከባንክ ወደ ደንበኛው ስም ነው የተመለሰው» በያቸው። ነገሩ ይኸው ነው።

እስቲ ሪሲቱን ስትሠሪ የሆነውን አስቢው። ባንክ በ230,000 ዴቢት ሆነ፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ በ230,000 ክሬዲት ሆነ። የደንበኛው ዕዳ የተዘጋው ቼኩ ይከፈላል በሚል ግምት ነው። ግምቱ ሲፈርስ ዕዳው እንደገና ይከፈታል፣ ያልገባው ገንዘብም ከባንክ ይወጣል። ምዝገባው ይኸው ነው፦

ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ በደንበኛው ስም — 230,000
ክሬዲት፦ ባንክ — 230,000

ሽያጭ የለበትም፣ ቫት የለበትም፣ ወጪ የለበትም። ሁለት መስመር ብቻ። አንዳንድ ቦታ «ደረቅ ቼክ ተሰብሳቢ» የሚል ለብቻው የተከፈተ ሂሳብ አያለሁ። እኔ አልወደውም። ደንበኛው በአንድ በኩል የዱቤ ዕዳ፣ በሌላ በኩል የቼክ ዕዳ ተይዞበት፣ የሽያጭ ክፍሉ ስሙን ከፍቶ ሲያይ ግማሹን ብቻ ያያል። ከዚያ ገና ገደቡ አልሞላም ብሎ ተጨማሪ ዕቃ ይለቅለታል። ዕዳው የተነሣው ከደንበኛው ስም ነው፣ ይመለስም ወደዚያው።

አሁን ወደ አንቺ ችግር። ለምን ዜሮ ያሳያል?

ፒችትሪ ተሰብሳቢን የሚይዘው በሁለት መዝገብ ነው። አንዱ በጀነራል ሌጀር ያለው Accounts Receivable የሚባለው ጠቅላላ ሂሳብ ነው። ሌላው የእያንዳንዱ ደንበኛ ዝርዝር ነው፣ Customer Ledgers እና Aged Receivables ላይ የምታዪው። ሽያጭና ሪሲት በየራሳቸው መስኮት ሲሠሩ ሁለቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ጀነራል ጆርናል ግን የሚነካው ጠቅላላውን ብቻ ነው። አካውንት ቁጥር እንጂ የደንበኛ መለያ አይጠይቅሽማ፤ ታዲያ የማን ዕዳ እንደሆነ በምን ይወቅ? ማብራሪያው ላይ የደንበኛውን ስም ብትጽፊም ለሶፍትዌሩ ተራ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አሁን ጠቅላላው ሂሳብ ከዝርዝሩ ድምር በ230,000 ብር ይበልጣል።

ይህ ልዩነት ዝም ብሎ አይታይም፣ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ትራያል ባላንሱ ይገጥማል። የባንክ ማስታረቂያው ይገጥማል። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት ሂሳብ ልዘጋ ገብቼ ጠቅላላው ተሰብሳቢና የደንበኞች ዝርዝር ሳይገጥሙ ቀሩ። ሦስት ቀን ፈለግኩ። በመጨረሻ ሲገኝ በሁለት ዓመት ውስጥ የተመለሱ አራት ቼኮች ነበሩ፣ አራቱም በጀነራል ጆርናል የተያዙ። ከባንክ ወጥተዋል፣ ግን በማንም ስም ስላልታዩ ሰብሳቢዋ ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ከአራቱ ሁለቱ ደንበኞች በዚያ መሀል ሱቃቸውን ዘግተው ሄደዋል። ለዚህ ነው ጥያቄሽን እንዳየሁ ለመመለስ የቸኮልኩት። አንቺ በሳምንቱ ነው ያየሽው፣ ጎበዝ።

ማስተካከያው ሁለት ደረጃ አለው።

መጀመሪያ የሠራሽውን ጀነራል ጆርናል በራሱ ቀን ገልብጪው። ባንክ ዴቢት፣ Accounts Receivable ክሬዲት፣ 230,000። ማብራሪያው ላይ «በስህተት በጆርናል የተያዘ የተመለሰ ቼክ ማስተካከያ» ብለሽ የቼኩን ቁጥር ጻፊ። ይህን ካላደረግሽ ቀጥሎ የምትሠሪው ባንኩን ሁለተኛ ጊዜ ይቀንሰዋል። ይሄ ደረጃ በጣም ይረሳል።

ቀጥሎ Tasks ውስጥ Sales/Invoicing ክፈቺ። አዎ፣ የሽያጭ መስኮቱን ነው፣ አትደንግጪ። የደንበኛውን መለያ ምረጪ። Invoice No. ላይ የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥር አትስጪው፣ በቂ ገንዘብ የለውም ለማለት NSF ብለሽ የቼኩን ቁጥር አስከትዪ፣ ለምሳሌ ቼኩ 004517 ከሆነ፦

```
NSF-004517
```

ከዚያ Apply to Sales በሚለው ገጽ ላይ Quantity እና Item ባዶ ይሁኑ። Item ከሞላሽ ዕቃ ከመጋዘን ሊያወጣ ነው። Description ላይ «በቂ ገንዘብ የለውም ተብሎ ሐምሌ 2 የተመለሰ ቼክ» ብለሽ የመጀመሪያውን የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥርም ጨምሪ። ዋናው ነገር GL Account የሚለው ዓምድ ነው። እዚያ የሽያጭ ሂሳቡን አጥፊና የባንኩን ሂሳብ ምረጪ። Amount 230,000። ዓምዱ ካልታየሽ Options ውስጥ Global ገብተሽ Hide General Ledger Accounts በሚለው ሥር Accounts Receivable ላይ ያለውን ምልክት አንሺ።

ከማስቀመጥሽ በፊት ሦስት ነገር እዪ። አንደኛው Sales Tax ነው። ደንበኛው ላይ የቫት ኮድ ተለጥፎ ከሆነ ሶፍትዌሩ በራሱ ሌላ ቫት ሊጨምርበት ይችላል፣ ዜሮ መሆኑን አረጋግጪ። ሁለተኛው የመክፈያ ቀኑ ነው። ፒችትሪ አዲስ ኢንቮይስ ነው ብሎ ስለሚያስብ ለሰውየው ሌላ 30 ቀን ይሰጠዋል። የዱቤ ጊዜው 30 ቀን ከሆነ ግንቦት 20 የወሰደው ዕቃ መክፈያው ሰኔ 20 ነበር። ቼኩ ስለተመለሰበት ተጨማሪ ወር ሊታከልለት ነው ማለት ነው! Terms ላይ ተጭነሽ Date Due የሚለውን ወደ መጀመሪያው ቀን መልሺው፣ ያኔ የዕዳው ዕድሜ እውነቱን ያሳያል። ሦስተኛው፣ ላይ ያለውን Journal ተጭነሽ ከበስተጀርባ የሚሠራውን ምዝገባ እዪ። Accounts Receivable ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት፣ ሁለት መስመር ብቻ መሆን አለበት። ሦስተኛ መስመር ካለ ቫት ወይም ዕቃ ገብቶበታል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ ምዝገባ በሽያጭ መስኮት ስለተሠራ Sales Journal ሪፖርት ላይ ይወጣል። የወሩን ቫት የምታዘጋጂው ከዚያ ሪፖርት እየገለበጥሽ ከሆነ NSF የሚለውን መስመር መዝለል አለብሽ። ሽያጭ አይደለም።

«ለምን ይህን ሁሉ? ሪሲቱን ባጠፋው አይቀልም ወይ?» ልትዪ ትችያለሽ። ይቀላል። ዕዳውም በራሱ ይመለሳል። ግን ሰኔ 27 ቼክ መቀበላችሁ የተፈጸመ እውነት ነው። ተራ ቁጥር ያለው የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ለደንበኛው ሰጥታችኋል፣ የባንክ ማስገቢያ ወረቀትም በእጃችሁ አለ። ሪሲቱን ስታጠፊ እነዚህ ሁሉ ወረቀቶች መዝገብ ውስጥ አቻ ያጣሉ። ኦዲተሩ የደረሰኙን ቁጥር ይዞ ሲመጣ ምን ትዪዋለሽ? ደግሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት ወንጀል ነውና፣ ቼኩን መቼ እንደተቀበላችሁ፣ መቼ ባንክ እንዳስገባችሁ፣ መቼ እንደተመለሰ በተራ የሚያሳይ መዝገብ ለእናንተው ይጠቅማል። ገባ፣ ተመለሰ። ሁለቱም ይታዩ።

አሁን ቀኑ። እዚህ ላይ ያንቺ ጉዳይ ከተራው ይለያል፣ ምክንያቱም ቼኩ የበጀት ዓመቱን ድንበር ተሻግሯል።

በዓመቱ መሀል ቢሆን ቀላል ነበር። ባንኩ በመለሰበት ቀን ትመዘግቢያለሽ፣ የተዘጋውን ወር አትነኪም። ያንቺ ግን ሰኔ 27 ገብቶ ሐምሌ 2 ተመለሰ፣ በመሀል ሰኔ 30 አለ። እስቲ የሰኔ 30ን ማስታረቂያ በቁጥር እንየው። ያንቺን ቁጥሮች ስለማላውቅ የራሴን ልውሰድ።

በመዝገብ ያለው የባንክ ቀሪ 846,300 ብር ነው እንበል። የባንኩ ስቴትመንት ደግሞ 661,300 ይላል። እናንተ ለአቅራቢ ጽፋችሁ ገና ያልተመነዘረ የ45,000 ብር ቼክ አለ። የደንበኛው 230,000 ደግሞ የሌላ ባንክ ቼክ ስለሆነ ክሊሪንግ ላይ ነው፣ ስቴትመንት ላይ አልታየም። ስለዚህ፦

661,300 + 230,000 − 45,000 = 846,300

ገጠመ! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፈርሞ ወደ ፋይሉ ይከተዋል። ሰኔ 30 ማታ ቢሠራ ኖሮ በእርግጥ ችግር የለበትም ነበር፣ ያኔ ገንዘቡ በመንገድ ላይ ነው ተብሎ መታሰቡ ልክ ነው። አንቺ ግን የምትሠሪው ቼኩ መመለሱን ካወቅሽ በኋላ ነው። ገንዘቡ በመንገድ ላይ አልነበረም። ሰኔ 30 ቀን ድርጅታችሁ የነበረው የባንክ ገንዘብ ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ ሐምሌ 2 የሆነው ነገር ያንን ሁኔታ ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። በዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ ማለቴ ነው፣ ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ ግን ሪፖርቱ ሳይጸድቅ የታወቀ ነገር በዓመቱ መጨረሻ ላይ ስለነበረው ሁኔታ ማስረጃ ከሰጠ የዚያው ዓመት ሂሳብ ይስተካከላል። ስለዚህ NSF ምዝገባውን ሰኔ 30 ቀን አድርጊው። ፒችትሪ ላይ Jul 7 ማለት ነው። መግለጫው ላይ ቼኩ የተመለሰው ሐምሌ 2 መሆኑ ስለተጻፈ ማንም አይሳሳትም።

ከዚያ በኋላ የመዝገቡ ቀሪ 846,300 − 230,000 = 616,300 ይሆናል። ስቴትመንቱ ደግሞ 661,300 − 45,000 = 616,300። በመንገድ ላይ ያለ ገቢ የሚለው መስመር ጠፋ። የድርጅቱ ጠቅላላ ሀብት በዚህ ምክንያት አልቀነሰም፣ ትርፉም አልተነካም። 230,000 ብሩ ከባንክ ወደ ተሰብሳቢ ተዛወረ፣ በቃ። ግን ሪፖርቱን ለሚያነብ ሰው፣ ለአበዳሪ ባንክ በለው ለባለቤቱ፣ በእጅ ያለ 846,300 እና በእጅ ያለ 616,300 ሰፊ ልዩነት ነው። ባለቤቱ በመጀመሪያው ቁጥር ተማምነው ቼክ ቢጽፉ ደረቅ ቼክ ሰጪዎቹ እናንተው ትሆናላችሁ።

የሰኔው ሂሳብ ቀድሞ ተዘግቶና ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ግን አልነካውም ነበር፣ ሐምሌ 2 ላይ እይዘው ነበር። የተዘጋን ዓመት ለዚህ ብሎ መክፈት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

Account Reconciliation ላይ ስትገቢ ሰኔ 27 የገባው 230,000 ከገቢዎች፣ የ NSF መስመሩ ከወጪዎች ጋር ይታያሉ። ስቴትመንቱ ላይ ሁለቱም ከሌሉ፣ ማለትም ባንኩ ገንዘቡን ሳይጨምር ቼኩን ብቻ ከመለሰ፣ ሁለቱንም በሰኔ ላይ ምልክት አድርጊባቸው፣ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ይህ ካልተደረገ የማይመጣ ገቢ በየወሩ በመንገድ ላይ እየተባለ ይንከባለላል። ማስታረቂያ ስትገመግሚ ከሁለት ሳምንት በላይ በመንገድ ላይ የቆየ የቼክ ገቢ ካየሽ ተነሥተሽ ባንክ ሂጂ፣ ወይ ተመልሷል ወይ በሌላ ሂሳብ ገብቷል። አንዳንዴ ባንኩ መጀመሪያ ጨምሮ በኋላ መልሶ ይቀንሳል። ያኔ ስቴትመንቱ ላይ ሁለቱም ስለሚታዩ እያንዳንዱን በታየበት ወር ምልክት አድርጊበት። ምዝገባው በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ያንን ገልብጠሽ ያጠፋሽውን ጀነራል ጆርናልም አትርሺው፣ እሱና መገልበጫው በሐምሌ ላይ ተያይዘው ይዘጉ።

150 ብሩ ትንሽ ቢሆንም ከቼኩ ጋር አትቀላቅይው። 230,150 ብለሽ ከባንክ ብታወጪ በኋላ የትኛው የደንበኛው፣ የትኛው የእናንተ እንደሆነ ይጠፋል። የባንክ አገልግሎት ወጪ ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት፣ በሐምሌ 2 ቀን። ይሄኛው ሰኔ ውስጥ አይገባም፣ ባንኩ የቆረጠው በአዲሱ ዓመት ነው። ከደንበኛው ማስመለስ የሚፈልግ አለ። በውል የተጻፈ ስምምነት ካላችሁ በደንበኛው ስም ልትይዢው ትችያለሽ። ከሌለ ወጪ አድርጊው፣ ሰውየው ከከፈለሽ ያኔ ሌላ ገቢ ይሆናል።

ሁሉንም ስትጨርሺ አንድ ፈተና አድርጊ። Aged Receivables በ Jul 7 ቀን አውጪና ድምሩን በጀነራል ሌጀር ካለው Accounts Receivable ጋር አስተያዪ። በሳንቲም መግጠም አለበት። ከዚያ የደንበኛውን ስም ፈልጊ፣ 230,000 ብር፣ መክፈያው ካለፈ 10 ቀን የሆነው ተብሎ መታየት አለበት። አሁንም ልዩነት ካለ ልዩነቱን በሁለት አካፍዪው፣ ወይም ከጀነራል ጆርናል ውስጥ ተሰብሳቢን የነኩትን ብቻ አውጥተሽ እዪ። ሌላ የቆየ ቼክ ልታገኚ ትችያለሽ።

ወረቀቱን በተመለከተ። የቼኩን ዋና ቅጂ ከባንኩ መመለሻ ጋር ካዝና ውስጥ አስገቢ። ቫውቸሩ ላይ የሚያያዘው ፎቶ ኮፒው ነው። ሰውየው መጥቶ «ቼኩን ስጡኝና ሌላ ልጻፍ» ቢል አትስጪው። ገንዘቡ በጥሬው ወይም በሲፒኦ ሂሳባችሁ ውስጥ ሳይገባ ያ ቼክ ከእጃችሁ አይውጣ፣ ያላችሁ ጠንካራ ማስረጃ እሱ ነው። ባንኩ የጻፈውን ምክንያትም አንብቢው። በቂ ገንዘብ የለውም እና ፊርማው አይመሳሰልም በመዝገብ ላይ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ገንዘቡ አልገባም። ነገር ግን የመሰብሰብ ተስፋቸው ለየቅል ነው። ፊርማው ያልተመሳሰለ ሰው በማግስቱ አስተካክሎ ይጽፍልሻል። ገንዘብ የሌለው ግን በማግስቱም ላይኖረው ይችላል፣ ስለዚህ አዲስ ዱቤ እንዳይለቀቅለት ለሽያጭ ክፍሉ ዛሬውኑ ንገሪ።

ሰውየው ሐምሌ 20 የ230,000 ሲፒኦ ይዞ መጣ እንበል። Receive Money ገብተሽ የደንበኛውን ስም ስትመርጪ የሚታይሽ NSF-004517 ነው፣ የግንቦቱ ኢንቮይስ ተከፍሏል ተብሎ ስለተያዘ አይታይም። ክፍያውን በዚያ ላይ አድርጊው። 100,000 ብቻ ቢያመጣም እዚያው ላይ 100,000 ጻፊ፣ 130,000 ቀሪ ሆኖ ይቀራል። የምትሰጪው አዲስ የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ነው። የሽያጭ ደረሰኝ በፍጹም እንዳይቆረጥ! ካሸሯ ገንዘብ መጣ ብላ ከማሽኑ ብትቆርጥለት ያው ዕቃ ሁለት ጊዜ እንደተሸጠ ይያዛል፣ በ230,000 ውስጥ ያለው 30,000 ብር ቫትም ሁለተኛ ጊዜ ዕዳ ይሆንባችኋል። ከማሽን የወጣ ነገር ደግሞ እንደ ኤክሴል አይሰረዝም። ይህን ለካሸሯ አስቀድመሽ ንገሪያት።

ያንኑ ቼክ እንደገና እናስገባው ቢባል ደግሞ፣ ሰውየው «አሁን ገንዘብ አለው» ብሎ ደውሎ ማለቴ ነው፣ እንደ አዲስ ገቢ ቁጠሪው። አዲስ ቀን፣ አዲስ ሪሲት፣ በ NSF-004517 ላይ። ለሁለተኛ ጊዜ ከተመለሰ እንደገና NSF ይሠራል፣ ቁጥሩ ላይ 2 ጨምሪበት። እኔ ብሆን ግን አለቃሽን ሲፒኦ ብቻ እንዲቀበሉ አሳምናቸው ነበር።

የጆርናሉን መገልበጫ ሠርተሽ Aged Receivables አልገጥም ካለሽ ቁጥሮቹን ጻፊልኝ፣ አየዋለሁ።